«ስንት ገዛሽው?» ተከፍሎን የምንሠራውን ቪዲዮ በካፕሽን እንዴት እንናገር

«ምጣዱን ስንት ገዛሽው?»

ይህን ጥያቄ በአንድ ቪዲዮ ስር አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩት። ቪዲዮውን የሠራችው የደሴ ልጅ ናት። የቤት ውስጥ ነገር ታሳያለች፤ ምግብ፣ ዕቃ፣ የጓዳ ሥራ። በዚያ ቀን አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ነበር። አክንባሎውን ከፈት፣ እንፋሎቱ ቦለል፣ ከዚያ ዓይኑ ቁልጭ ያለ እንጀራ። ቆንጆ ቪዲዮ ነው።

ምጣዱን ግን አልገዛችውም። ኮምቦልቻ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በነጻ ልኮላታል፤ ለቪዲዮውም ከፍሏታል። ልጅቷ ይህን ልትደብቅ አልፈለገችም። ካፕሽኑ ውስጥ ተጽፏል ብላ ነው የምታስበው። ካፕሽኑን የጻፍኩላት እኔ ስለሆንኩ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ታዲያ አሥራ አንድ ሰው ስንት ገዛሽው ብሎ ከጠየቀ፣ የጻፍኩት ነገር አልተነበበም ማለት ነው። ወይም ተነቦ አልገባም።

ካፕሽኑ ይህ ነበር፦

«ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም ስትጠይቁኝ የነበረውን ምጣድ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። በዚህ ከጋገርኩ በኋላ ሌላ ምጣድ ማየት አስጠልቶኛል! ዓይኑን እዩልኝ! መብራት አይበላም። ከኮምቦልቻ ወንድሞቻችን ጋር በመተባበር የቀረበ። እናመሰግናለን! #እንጀራ #ደሴ #ኮምቦልቻ #ወሎ #ad»

አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። ግን ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ «በመተባበር» የሚለውን ቃል። ይህ ቃል በአማርኛ ገንዘብ አይሸትም። ሰፈር ተባብሮ መንገድ ይሠራል፤ ዕድር ተባብሮ ድንኳን ይተክላል። «ከእነ እገሌ ጋር በመተባበር» ሲባል ሰው የሚያስበው አብረው ሠሩ ብቻ ነው። ማን ለማን ከፈለ የሚለው አይታይም። «እናመሰግናለን»ም እንደዚያው ነው። ምስጋና ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ሱቃቸው ውስጥ ስላስቀረጹን ይሆናል፣ ሻይ ስለጋበዙን ይሆናል።

«ስፖንሰር» ትንሽ ይሻላል፤ ግን ሰው ስፖንሰር ሲባል ለኳስ ቡድን ማልያ የሚገዛውን ነው የሚያስታውሰው። ደግ አድራጊ ይመስላል። «ማስታወቂያ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በእኛ ቋንቋ ማስታወቂያ የሥራ ቅጥር ነው፣ የጠፋ ላም ነው፣ ውሃ ይቋረጣል የሚል ወረቀት ነው። ብቻውን ሲቆም «ላሳውቃችሁ» ማለት እንጂ «ተከፍሎኛል» ማለት ላይሆን ይችላል። «የተከፈለበት ማስታወቂያ» ሲባል ግን ማምለጫ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው «ስጦታ» እና «ግብዣ» ነው። በተለይ ወሎ ውስጥ። እንግዳ ቤትህ መጥቶ ሳይበላ አይሄድም፤ የተጋበዘ ሰው ደግሞ ምግቡን አይነቅፍም። አንድ ምግብ ቤት ጠርቶህ ጥብስ ካቀረበልህና «ተጋብዤ ነው» ብለህ ከጻፍክ፣ አንባቢው ባለቤቱ ወዳጅህ ይመስለዋል እንጂ ምስሉን እንድትለጥፍ እንደተስማማህ አያውቅም። ስለዚህ የስጦታውን ምክንያት ጨምርበት፦ «ምግቡን በነጻ ያቀረቡልኝ ቪዲዮ እንድሠራላቸው ነው።» ይህችን «እንድሠራላቸው» የምትል ቃል አትናቃት። ግብዣን ከክፍያ የምትለየው እሷ ናት።

ነጻ ዕቃ ከክፍያ ይቆጠራል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ይቆጠራል። የኢንስታግራምና የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ራሱ በደንቡ የሚያየው ዋጋ ያለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን ነው፤ ብር ብቻ አላለም። ነጻ ምጣድ፣ ነጻ አልጋ፣ ነጻ የፀጉር ሥራ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። በተመልካቹ በኩልም ብታየው ያው ነው። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛ ሰውና በነጻ የተላከለት ሰው ስለ አንድ ምጣድ እኩል አይናገሩም። የገዛው እንጀራው ሲጣበቅበት ይበሳጫል። የተላከለት ሊጡን ይወቅሳል።

ወደ ካፕሽኑ እንመለስ። በእንግሊዝኛ «ማስታወቂያ» ማለት የሆነችው #ad ከሃሽታጎቹ መጨረሻ ተወሽቃለች። እሷን የጻፍኳት የውጭዎቹ ሲጽፉ ስላየሁ ነው። ግን የውጭዎቹም ቢሆኑ እንዲህ አድርጉ አይሉም። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ለኢንፍሉዌንሰሮች ያወጣው አጭር መመሪያ አለ። ነገሩን በሃሽታግና በሊንክ ክምር ውስጥ አትደባልቁት ይላል። «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነኩ በማይታይ ቦታም አታስቀምጡት ይላል። ብቻዋን የቆመች ምስጋናም አትበቃም ይላል። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው፦ ዕቃውን ባስተዋወቅክበት ቋንቋ፣ በዚያው ቋንቋ ተናገር ይላል። እኛ ስለ ምጣዱ በአማርኛ ስናወራ ቆይተን ገንዘቡ ላይ ስንደርስ ወደ እንግሊዝኛ ገባን። የልጅቷ ተከታዮች ውስጥ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። #ad ለእነሱ ምንድን ናት?

የአሜሪካ መመሪያ ደሴ ላይ አያስከስስም፤ እሱ ግልጽ ነው። እኛ ጋ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 እና በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ሲጻፉ ግን ቲክቶክ ገና አልነበረም። ስለዚህ «ከካፕሽንህ መጀመሪያ ላይ ይህን ቃል ጻፍ» የሚል ቀመር ከነሱ አንጠብቅም። ቀመሩን ራሳችን በአማርኛ መሥራት አለብን።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ካፕሽን ደግሞ የሚቆረጠው ከመጨረሻው ነው። ኢንስታግራም ላይ ካፕሽኑ ሳይከፈት የሚታየው በግምት 125 ፊደል ነው፤ እንደ ስልኩ ትንሽ ይለያያል። የቀረውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። በኋላ ነገሩን «ላስተካክል» ብዬ የጻፍኩትን እዩት፦

«ይህን በኮምቦልቻ ከተማ የሚገኘውንና በየቀኑ ስትጠይቁኝ የነበረውን፣ እንጀራን በደቂቃዎች ውስጥ ዓይናማ አድርጎ የሚጋግረውን አዲስ ምጣድ ለማስተዋወቅ ከድርጅቱ ጋር ባደረግነው ስምምነት መሠረት ክፍያ ተቀብያለሁ።»

ሐሰት የለበትም። ግን ፊደሉን ብትቆጥሩት 125ኛው ላይ ስትደርሱ «ተቀብያለሁ» ገና አልመጣም። ከላይ የሚታየው የምጣዱ ሙገሳ ነው፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ደግሞ ዋናው ግስ ነው። ሆን ብለህ ለመደበቅ ብትሞክር እንኳ ከዚህ የተሻለ አታገኝም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ግሱ ቶሎ ይምጣ፤ ከሰላምታውም ይቅደም። «ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ» መልካም ነገር ነው፣ ግን ከክፍያው ኋላ ቢመጣ ማንም አይቀየምም።

በመጨረሻ የተስማማንበት መጀመሪያ ይህ ሆነ፦

«ምጣዱን ሻጩ በነጻ ሰጥቶኛል። ለቪዲዮውም ከፍሎኛል። ሁለት ቀን ነው የጋገርኩበት።»

ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 51 ነው። የሚታየው ቦታ ግማሽ እንኳ አልሞላም። የብሩን መጠን አልጻፍንም፤ ተመልካቹ መከፈሏን ካወቀ መጠኑ የሷና የሻጩ ጉዳይ ነው። «ከፍሎኛል» የሚለውን ልብ በሉ። መጀመሪያ «ተከፍሎበታል» ብዬ ነበር። «ተከፍሎበታል» ማን ለማን እንደከፈለ አይናገርም። እንዲያውም ምጣዱ ዋጋው የተከፈለ ይመስላል። «ከፍሎኛል» ውስጥ ግን ከፋዩም ተቀባዩም አሉ። በአንድ ቃል።

ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ለምን ገባች? በመጀመሪያው ካፕሽን «ሌላ ምጣድ ማየት አስጠልቶኛል» ተብሎ ነበር። ምጣዱ ቤት የገባው ከቀረጻው በፊት በነበረው ቀን ነው። አዲስ ምጣድ ደግሞ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። በጎመን ዘር ደጋግማ አሽታ አሟሸችው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ተጣብቀው ተቀደዱ። ቪዲዮው ላይ የታየው አራተኛው ነው። ይህ ለምጣዱ ነውር አይደለም፤ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። ነውሩ የሁለት ቀኑን የሦስት ወር ማስመሰል ነው። ተከፍሎኛል ማለት ያልሞከሩትን ሞከርኩ ለማለት ፈቃድ አይሰጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክፍያውን ከተናገርኩ በኋላ ያሻኝን ልበል ይላል።

«መብራት አይበላም» የምትለዋን ያስገባት ሻጩ ነው። በስልክ «እሷን እንዳትረሺ» አላት። እንግዲህ የቤት ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ዕቃ ነው፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ትልቁ በላተኛ ነው ማለት ይቻላል። አይበላም የሚባል ምጣድ የለም። ከአሮጌው ያነሰ ይበላል ለማለት ደግሞ መለካት ነው። እሷ ቤት የካርድ ቆጣሪ አለ። በአሮጌው ሃያ እንጀራ ጋግረሽ ቆጣሪውን ከመጀመርሽ በፊትና ከጨረስሽ በኋላ አንብቢ፤ በአዲሱም እንዲሁ፤ ከዚያ የቀነሰውን ተናገሪ አልኳት። «ኧረ ሃያ እንጀራ ለማን ላበላ ነው?» ብላ ሳቀች። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ።

ሻጩ ግን ቀላል አልነበረም። አዲሱን ካፕሽን ስትልክለት ደወለ። በድምፅ ማጉያ አድርጋው እኔም ሰማሁ።

«የኔ ልጅ፣ ገንዘብ ተቀብዬ ነው ካልሽ ማን ያምንሻል? እንዲህ ከሆነ ሬዲዮ ላይ አስነግር ነበር እኮ።»

«ጋሼ፣ ሬዲዮ ላይ ሲነገር ማስታወቂያ መሆኑን ሰው ያውቃል። እኔ ጋ ግን አያውቅም።»

«ታዲያ የከፈልኩሽ ለዚያ አይደል?»

እውነቱን ተናገረ። የሚከፈለው ለዚያ ነው፤ የጎረቤት ምክር እንዲመስል። አብዛኛው ሻጭ ይህን በልቡ ይዞ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ለዚህ ነው ጉዳዩ ዕቃው ቤት ከገባና ብሩ በቴሌብር ከተላከ በኋላ መነሳት የሌለበት። እኛ አሁን ሥራ ከመቀበላችን በፊት ሁለት መስመር መልእክት እንልካለን፦ «ክፍያ መቀበሌን በካፕሽኑ መጀመሪያ ላይ እጽፋለሁ፣ በቪዲዮውም እናገራለሁ። ያልሞከርኩትን አልናገርም።» ያልተስማማ ከመጀመሪያው ይቀራል። ጋሼ እያጉረመረመ ተስማማ፤ ምጣዱ ጥሩ ስለሆነ ይመስለኛል።

ካፕሽን ግን ብቻውን ሙሉ ሥራ አይሠራም፤ በተለይ ቲክቶክ ላይ። ሰው ቪዲዮውን እያየ ጽሑፉን አያነብም፤ አውራ ጣቱ ቀጣዩ ላይ ናት። የምጣዱ ቪዲዮ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ገና ሊጡን ሳታፈስ «ይህን ምጣድ ሻጩ ነው የሰጠኝ፣ ከፍሎኛልም» ብላ በአፏ ተናገረች፤ እዚያው ላይ በጽሑፍም ወጣ። ድምፅ ዘግቶ የሚያይ አለ፤ ማንበብ የሚያስቸግረውም አለ። ሁለቱም ሊያገኙት ይገባል። ላይቭ ከሆነ ደግሞ አንዴ መናገር አይበቃም። ከሩብ ሰዓት በኋላ የገባው ሰው መጀመሪያ የተባለውን አልሰማም። አልፎ አልፎ መድገም ነው።

መተግበሪያዎቹ የራሳቸው ምልክት አላቸው። ቲክቶክ ላይ ከመለጠፍህ በፊት ይዘቱ የንግድ መሆኑን የምትገልጽበት ማብሪያ አለ። እሱን ስታበራ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንዱ ለራስህ ንግድ፣ ሌላው ለሌላ ሰው ዕቃ። የሌላ ሰው ከሆነ ቪዲዮው ላይ Paid partnership የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ኢንስታግራምም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ዩቲዩብ ላይ ክፍያ ያለበት መሆኑን ምልክት ስታደርግ መጀመሪያ ላይ ለ10 ሰከንድ ማሳሰቢያ ይታያል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ግን በገንዘብ ለምትለጥፈው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ማብሪያ ስለሌለ በእጅህ መጻፍ አለብህ።

ምልክቱን አብሩት። መድረኩ ራሱ ይጠይቃል፤ ካልተበራ ቪዲዮው ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ጽሑፉ ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ናት፣ በብዙ ስልክ ላይም በእንግሊዝኛ ናት። ያ የአሜሪካ መመሪያም በመድረኩ ምልክት ብቻ አትተማመኑ ይላል። ሰዎች ቲክቶክ ላይ ምልክቱን የሚዘሉበት አንድ ምክንያት ደግሞ ዘፈን ነው። የንግድ ቪዲዮ ከሆነ ለንግድ ከተፈቀዱት ሙዚቃዎች ብቻ ነው የሚያስመርጠው፤ ያ የሚወደደው ዘፈን እዚያ የለም። የእኛዋ በዘፈኑ ፋንታ የእንጀራውን ድምፅ ተወችው። ሊጡ ሲፈስ የሚያሰማት ያቺ ጭስስ የምትል ድምፅ ከዘፈኑ የተሻለች መሰለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደሴ ላይ ከገንዘብ የበለጠ የሚያጋጥመኝ እሱ ነው። ዝምድና። ሰኞ ገበያ ላይ የምታስተዋውቀው ሱቅ የአጎቷ ልጅ ነው። አልከፈላትም፤ ነጻ ዕቃም አልሰጣት። ግን ስለ ሱቁ ክፉ እንደማትናገር ማንም ይገምታል፤ ዝምድናውን የሚያውቅ ከሆነ። የሰፈር ሰው ያውቃል፣ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ሆኖ የሚያያት አያውቅም። «የአጎቴ ልጅ ሱቅ ነው» ብሎ መጀመር ይበቃል። የቅናሽ ኮድም እንዲሁ ነው። «በስሜ ስትገዙ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል» ይባላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ለእኔም ኮሚሽን አለኝ» ግን ይዋጣል። ሁለተኛውም ይጻፍ፣ ከኮዱ ጎን።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ወርዶ ሁለተኛው ወጣ። ጋሼ እንደፈራው ተመልካች አልሸሸም ብዬ መማል አልችልም፤ አንድ ቪዲዮ ነው፣ የመውጣትና የመውረዱ ምክንያት ብዙ ነው። ኮሜንቱን ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ስንት ገዛሽው?» አንድም የለም። «ስንት ይሸጡታል?» አለ፤ «ኮምቦልቻ የት ጋ ነው?» አለ፤ «ተከፍሎሽ እንዴት ትነቅፊዋለሽ» የሚልም አለ። ከታች አንዲት እናት እንዲህ ጽፈዋል፦ «ልጄ፣ የመጀመሪያው አልተጣበቀብሽም?»

«ሁለቱ ተቀደዱብኝ፣ እማማ» ብላ መለሰች።